ጥያቄን እንደ ተጻፈ ስለ ማንበብ፤ በፎገራ ሜዳ የእርሻ መዝገብ ለሚሰበስቡ ጠያቂዎች የሚሰጥ ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ ወረታ ከተማ ትገኛለች። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጉና ተራራ በኩል በሚወርዱት በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ጫፉም ጣና ሐይቅ የሚደርስ ለም ምድር ነው። ቀድሞ በከብቱ የታወቀው ይህ አገር ዛሬ በሩዙም የታወቀ ሆኗል። የሩዙ ምርት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ጎርፍም ምን ያህል እንዳጠፋ ለማወቅ በየጊዜው ጠያቂዎች ወረቀት ይዘው ወደ ገበሬው ይሄዳሉ። ሹማምንትም ዘር የሚልኩት፣ እርዳታ የሚያከፋፍሉት፣ የሚቀጥለውንም ዓመት የሚያስቡት ከዚህ ወረቀት ተነሥተው ነው።

ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር የገበሬው ቃል ብቻ አይደለም። ጥያቄው በተነበበበት ድምፅ፣ በተጨመረው ወይም በተቀነሰው ቃል መጠን የጠያቂውም አሳብ አብሮ ይገባበታል። ይህም ሳይታወቅ ሲቀር የሁለት ጠያቂዎች ልዩነት የሁለት ቀበሌዎች ልዩነት መስሎ ይታያል፤ ሹሙም ለአንዱ ቀበሌ የሚገባውን ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ ጠያቂ ጥያቄውን እንደ ተጻፈ እንዲያነብ እንዴት መሠልጠን እንዳለበት፣ ሳያነብ ሲቀርም በምን እንደሚታወቅ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጣል።

፩ኛ፤ የጠያቂው አሳብ ወደ መልሱ እንደሚገባ ስለ መታወቁ

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ማደሪያ ያጡ ሁለት ሺህ ያህል ድሆች፣ ለዚህ ችግር ያደረሳቸው ምን እንደ ሆነ ተጠይቀው ነበር። ስቱዋርት ራይስ የተባለ ሊቅ መልሱን በጠያቂዎቹ ስም ለይቶ ሲመለከት አንድ ነገር አገኘ። ከጠያቂዎቹ አንዱ መጠጥ በሕግ እንዲከለከል የሚፈልግ ሰው ነበር፤ እርሱ የጠየቃቸው ድሆች ከሌላው ይልቅ አብዝተው መጠጥን ምክንያት አደረጉ። ሌላው ጠያቂ ሶሻሊስት ነበር፤ እርሱ የጠየቃቸው ደግሞ የሥራ ማጣትንና የፋብሪካዎችን ሁኔታ አብዝተው አነሡ። ድሆቹ ለሁለቱ ጠያቂዎች የተከፋፈሉት ተመርጠው ስላልነበረ፣ የመልሱ ልዩነት ከድሆቹ ሳይሆን ከጠያቂዎቹ እንደ መጣ ታወቀ። ራይስም ይህን በ1929 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣው። ጠያቂዎቹ ሊያታልሉ አልፈለጉም፤ የሚያምኑት ነገር በአጠያየቃቸውና በአጻጻፋቸው ሾልኮ ገባ እንጂ።

በእርሻ ሥራም ይኸው ታይቷል። ከ1937 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በሕንድ አገር በቤንጋል ግዛት፣ ጆንያ የሚሠራበትን የጁት ተክል ስፋት ለማወቅ ትልቅ ጥናት ይደረግ ነበር። የጥናቱ መሪ ፕራሳንታ ማሃላኖቢስ አንዱን አገር ለአንድ ቡድን ብቻ መስጠትን አልወደደም። ከአንዱ አገር የተመረጡትን ማሳዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ለተለያየ ቡድን ሰጠ። ሁለቱ ቡድኖች የሚመለከቱት አንድ አገር ነውና ያገኙት ቍጥር መቀራረብ ይገባው ነበር። በጣም ከተራራቀ ግን ጕድለቱ በመሬቱ ሳይሆን በሠራተኞቹ መሆኑ ይታወቃል። ይህ ዘዴ ዛሬም ለፎገራ ሜዳ የሚስማማ ነው።

፪ኛ፤ በፎገራ ሜዳ ጥያቄ የሚጣመምባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማሳጠር ነው። በወረቀቱ ላይ «ባለፈው መኸር ከሩዝ ማሳዎችዎ ሁሉ፣ ከተወቃ በኋላ ነገር ግን ከመፈልፈሉ በፊት፣ በጠቅላላው ስንት ኩንታል ሩዝ አገኙ?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል እንበል። ጠያቂው በቀን ብዙ ቤት የሚዞር ስለ ሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ቃሉን በቃሉ ያጠናዋል፤ ቀጥሎም «ሩዝ ስንት አገኙ?» ይላል። ከዚህ በኋላ አንዱ ገበሬ ከነቅርፊቱ ያለውን፣ ሌላው በመፈልፈያ ቤት ያለፈውን፣ ሦስተኛው ከቤት ፍጆታ ተርፎ የሸጠውን ብቻ ይናገራል። ሁሉም እውነት ተናግረዋል፤ የተጠየቁት ግን ልዩ ልዩ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አስቀድሞ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ማስገባት ነው። ስለ ሰብል ጉዳት የተጻፈው ጥያቄ «ባለፈው ክረምት በሰብልዎ ላይ ጉዳት ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» የሚል ይሆናል፤ ደርሷል ያለውም ሰው «ጉዳቱን ያደረሰው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ርብና ጉማራ ሞልተው እንደ ነበር የሰማ ጠያቂ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ «ጎርፉ ስንት ማሳ አጠፋብዎ?» ይላል። እንዲህ ሲባል ጎርፍ መጥቶ እንደ ነበር፣ ማሳም እንደ ጠፋ በጥያቄው ውስጥ ተፈርዷል። በአረም፣ በወፍ ወይም በተባይ የተጎዳው ገበሬ ጉዳቱን ሁሉ ለጎርፍ ያስጽፋል፤ ያልተጎዳውም እርዳታ የሚመጣ መስሎት ጥቂት ይጨምራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በአካባቢው ወረዳዎች እንደ ደረሰው ያለ ብርቱ ጎርፍ በሚሆንበት ጊዜ ይህ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል፤ እርዳታው የሚከፋፈለው በዚያ ወረቀት ነውና።

ሦስተኛው መንገድ በአማርኛ ቋንቋ ጠባይ የሚመጣ ነው። «ስንት ኩንታል አገኙ?» በሚለው ላይ «ብቻ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር መልሱ ጥቂት ነው ብሎ መፍረድ ይሆናል። «ምርጥ ዘር ይዘራሉ ወይስ አይዘሩም?» የሚለው «ምርጥ ዘር ይዘራሉ አይደል?» ተብሎ ቢነበብ ገበሬው እንግዳውን ላለማሳፈር «አዎን» ይላል። «ምነው ማዳበሪያ አልጨመሩም?» ማለትም ጥያቄ ሳይሆን ወቀሳ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ድምፁ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ ቅንድብም ቢነሣ፣ ይኸው ይሆናል።

አራተኛው መንገድ የጠያቂው ማንነት ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንዲወሰድ በየቀኑ የሚመክረው የልማት ሠራተኛ ራሱ መጥቶ «በመስመር ዘርተዋል ወይስ በብተና?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቃሉን አንድም ሳያጎድል ቢያነብ እንኳ፣ ገበሬው መካሪውን ማስከፋት አይወድም። ከዚህም ሌላ በአገራችን የእህልና የመሬት ጥያቄ ከግብር ጋር የኖረ ነው። አሥራት ለመገመት ገማች ወደ አዝመራው ይወጣ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ መሬት ለመለካትና ምርት ለመገመት የመጡት ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ጠያቂው ከማን እንደ መጣ፣ መልሱም ለምን እንደሚውል የሚናገረው የመግቢያ ቃል ለሁሉም አንድ ሆኖ ተጽፎ ሊነበብ ይገባል። ለአንዱ «ለእርዳታ ነው» ለሌላው «ለመዝገብ ነው» ከተባለ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይሸሽጋል።

፫ኛ፤ ምሳሌ፤ ጠያቂውና ቀበሌው እንዴት እንደሚለዩ

አሁን ለትምህርት ያህል ሁለት ቀበሌዎች አሉ እንበል። በሁለቱም አንድ ገበሬ በአማካይ ከነቅርፊቱ 20 ኩንታል ሩዝ አግኝቷል። አንደኛው ጠያቂ በአንደኛው ቀበሌ 30 ገበሬዎችን ሲጠይቅ ጥያቄውን እንደ ተጻፈ ያነባል፤ መዝገቡም 20 ኩንታል ያሳያል። ሁለተኛው ጠያቂ በሁለተኛው ቀበሌ 30 ገበሬዎችን ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን ያቀለለ መስሎት «ለገበያ የሚሆነውን፣ የተፈለፈለውን ማለቴ ነው» የሚል ቃል ይጨምራል። ከነቅርፊቱ ያለው 1 ኩንታል ሩዝ ሲፈለፈል በግምት 65 ኪሎ ያህል ስለሚወጣው፣ የሁለተኛው ቀበሌ መዝገብ 13 ኩንታል ያሳያል። ወረቀቱ ወረታ ሲደርስ ሹሙ የሚያየው በሁለተኛው ቀበሌ ምርቱ ከሲሶ በላይ መጕደሉን ነው። ዘሩ ደክሟል፣ ወይም ውሃ ተኝቶበታል ብሎ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ግን አንዲት የተጨመረች ቃል ናት።

ሥራው እንዲህ ከተከፋፈለ በኋላ ማንም ሊቅ ወረቀቱን አይቶ ጕድለቱ የቀበሌው ይሁን የጠያቂው ሊለይ አይችልም። የሚለየው አስቀድሞ የማሃላኖቢስ ዘዴ ከተያዘ ነው። በእያንዳንዱ ቀበሌ የተመረጡት 30 ገበሬዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ 15ቱ ለአንደኛው፣ 15ቱ ለሁለተኛው ጠያቂ ይሰጡ። ከዚህ በኋላ በሁለቱም ቀበሌ አንደኛው ጠያቂ 20፣ ሁለተኛው 13 ካገኘ ልዩነቱ ሰውየውን ተከትሏልና ጥፋቱ በአጠያየቅ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ጠያቂዎች በአንደኛው ቀበሌ 20፣ በሁለተኛው 13 ካገኙ ልዩነቱ ቦታውን ተከትሏልና ምርቱ በእውነት ጐድሏል። ለዚህ የሚጨመረው ወጪ የጠያቂዎቹ መንገድ ብቻ ነው።

የጠያቂው አሻራ እጅግ ትንሽ በሆነ ጊዜም ቢሆን አንድ ሰው ብዙ ቤት ሲጠይቅ ጉዳቱ ይደረጃል። ሌስሊ ኪሽ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ይህን በሒሳብ አሳይቷል። በመልሶች መካከል ካለው ልዩነት ሁሉ ከመቶ 2 እጅ ብቻ ከጠያቂው የመጣ ነው እንበል፤ አንዱ ጠያቂም 50 ገበሬ ይጠይቅ። ከ50 ላይ 1 ተቀንሶ በ0.02 ሲባዛ 0.98 ይሆናል፤ 1 ሲጨመርበት 1.98 ይደርሳል። ትርጓሜውም፣ 50 ወረቀት ለእውነቱ የሚመሰክረው ንጹሕ ሆነው እንደ ተሰበሰቡ 25 ወረቀቶች ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ጠያቂዎችን ይዞ ለእያንዳንዳቸው ብዙ ቤት ከመስጠት፣ ብዙ ጠያቂዎችን ይዞ ጥቂት ጥቂት ቤት መስጠት ይሻላል፤ ሁሉም በሚገባ ከሠለጠኑ።

፬ኛ፤ ወረቀቱ ሊነበብ የሚችል ሆኖ ስለ መጻፉ

ጥያቄው በአፍ የማይነበብ ሆኖ ከተጻፈ ጠያቂውን እንደ ተጻፈ አንብብ ብሎ ማስገደድ ከንቱ ነው። በአማርኛ ግሡ ለወንድ፣ ለሴትና ለክብር ይለወጣል፤ «አገኘህ» ተብሎ የታተመ ወረቀት ለአንዲት እመቤት ሲነበብ ጠያቂው በግድ ቃሉን ይለውጣል፣ አንዱን ቃል መለወጥ የለመደም ሌላውን ይለውጣል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ በእርስዎ እየተባለ ሊጻፍ ይገባል፤ ይህ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ለታላቅም ለታናሽም አያስቀይምም።

መስፈሪያም ሲጠየቅ በኩንታል ብቻ መጻፍ አይበቃም። ገበሬው በጆንያ ወይም በቁና ከቈጠረ ጠያቂው በልቡ ወደ ኩንታል አይለውጥ፤ የተነገረውን ቍጥርና የመስፈሪያውን ስም እንዳለ ይጻፍ። ልወጣው በኋላ በጽሕፈት ቤት፣ ጆንያው በወረታ ገበያ ተመዝኖ በታወቀው ክብደት ለሁሉም በአንድ መንገድ ይደረጋል። ደግሞም መልሶች በተዘረዘሩበት ስፍራ የትኛው ለገበሬው እንደሚነበብ፣ የትኛው ለጠያቂው ብቻ እንደ ሆነ «ይነበብ» ወይም «አይነበብ» ተብሎ ሊለይ ይገባል። ይህ ሳይለይ ሲቀር አንዱ ጠያቂ ዝርዝሩን ያነባል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የሰሙት ገበሬዎች ያልሰሙት የማያነሡትን ነገር ይመልሳሉ።

፭ኛ፤ ጠያቂዎች የሚሠለጥኑበት ሥርዓት

ፍሎይድ ፋውለርና ቶማስ ማንጅዮኒ የተባሉ አሜሪካውያን አጥኚዎች ጠያቂዎችን ከግማሽ ቀን እስከ አሥር ቀን ድረስ በልዩ ልዩ መጠን አሠልጥነው ሥራቸውን አነጻጽረዋል። በግማሽ ቀን ትምህርት ብቻ የተላኩት ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ያነሰ ሥራ ሠሩ፤ ከሁሉም ይልቅ የደከሙት ያልተሟላ መልስ ሲሰጣቸው ሳይጠቁሙ እንደገና በመጠየቅ ነበር። ስለዚህ በወረታ ጠያቂዎችን ጠዋት ሰብስቦ ወረቀት አድሎ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀበሌ መላክ አይገባም።

ሥልጠናው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ ጠያቂዎቹ ወረቀቱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ምላሳቸው የተሰናከለበት ቃል ሁሉ ይመዘገባል፣ የወረቀቱ አዘጋጅም ያርመዋል። ቀጥሎ በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ ጠያቂ ይሆናል፤ ሁለተኛው መልሱ የተጻፈበት ካርድ ተሰጥቶት ገበሬ ይሆናል፤ ሦስተኛው ወረቀቱን ይዞ እየተከተለ የተዘለለውን፣ የተጨመረውንና የተለወጠውን ቃል ምልክት ያደርግበታል። ከዚያም ስፍራ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው ሰው ምልክት የሚያደርግበት ጥያቄ እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይደጋገማል።

ገበሬ የሆነው ሰው በካርዱ ላይ የሚያገኘው መልስ በፎገራ በእውነት የሚሰማው መሆን አለበት። «ተመስገን ነው፣ ደኅና ነው» የሚል መልስ ይሰጠው፤ ጠያቂው ይህን «ብዙ» ብሎ አይጽፍም፤ «ጥያቄውን እንደገና ላንብብልዎ» ብሎ ቃሉን ሳይለውጥ ይደግማል። «እንደ ዓምናው ነው» ቢለው «በቍጥር ስንት ይሆናል ይላሉ?» ይለዋል እንጂ «እንግዲህ 20 ይሆናላ?» አይለውም። «ከ15 እስከ 20» ቢለው «ለየትኛው ይቀርባል?» ይለዋል እንጂ መካከሉን በልቡ አይወስንም። «አንተ ታውቀው የለም ወይ?» ቢለው «የእርስዎን ቃል ለመጻፍ ነው የመጣሁት» ብሎ ጥያቄውን ያነባል። ዝም ቢል እስከ አምስት እየቈጠረ ይጠብቃል፤ ብዙ ጥቆማ የሚሰጠው ዝምታውን መታገሥ ባልቻለ ጠያቂ ነውና። መልሱም ሲሰጥ «ጎበዝ» ወይም «አዬ ጕድ» አይባልም፤ «አመሰግናለሁ፣ ጽፌዋለሁ» ይበቃል። እነዚህ ቃላት በትንሽ ካርድ ታትመው በእያንዳንዱ ጠያቂ እጅ ሊኖሩ ይገባል።

በመጨረሻ ለጥናቱ ባልተመረጠ ቀበሌ በእውነተኛ ገበሬዎች ላይ አንድ ቀን ይለማመዳሉ። በዚህ ቀን ሦስት አራት ጠያቂዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው አንዱ ሲጠይቅ ሌሎቹ የሰሙትን መልስ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይጽፋሉ። ወረቀቶቹ ከተለያዩ የተለያየው የገበሬው ቃል ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ጆሮ ነው፤ ያውም በዚያው ማታ ይታረማል።

፮ኛ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስለ መቈጣጠር

ተቈጣጣሪው በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ ጠያቂ ጋር አንድ ሁለት ቤት ገብቶ በወረቀቱ እየተከተለ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ጠያቂው ሳያውቅ ከጨረሳቸው ቤቶች ጥቂቱን በዕጣ መርጦ የማይለወጡ ነገሮችን፣ ለምሳሌ የማሳውን ብዛትና የዘሩን ዓይነት፣ እንደገና ይጠይቃል። በየሳምንቱም መልሱን በጠያቂው ስም ከፍሎ ይመለከታል። ከሌሎቹ ይልቅ «አላውቅም» የሚበዛበት፣ ሁሉም መልስ በ10 እና በ20 የሚያልቅበት፣ ወይም አንዱን ቤት ከባልደረቦቹ በግማሽ ጊዜ የሚጨርስ ጠያቂ ቢገኝ፣ ከመወቀሱ በፊት አብሮት ሄዶ አነባበቡን መስማት ይገባል።

፯ኛ፤ እንደ ተጻፈ ማንበብ የማይበቃበት ስፍራ

ገበሬው ጥያቄውን ሳይረዳው ሲቀር ደጋግሞ ማንበብ ብቻ እውነትን አያመጣም። ፍሬድሪክ ኮንራድና ማይክል ሾበር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የተጠያቂው ኑሮ ከጥያቄው ቃል ጋር በቀላሉ በማይገጥምበት ጊዜ ጠያቂው ትርጓሜውን እንዲያስረዳ ሲፈቀድለት መልሱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል፤ ጊዜው ግን ይረዝማል። አንድ ገበሬ ማሳውን ለእኩል ሰጥቶ ከሆነ «ያገኙት ምርት» ማለት የእርሱ ድርሻ ነው ወይስ ከማሳው የወጣው ሁሉ? ይህን እያንዳንዱ ጠያቂ እንደ ወደደ ቢያስረዳ የሩዙ ምሳሌ ይደገማል። ስለዚህ ማስረጃውም አስቀድሞ ተጽፎ፣ ለሁሉም ጠያቂ አንድ ሆኖ ይሰጥ፤ ሲጠየቅም እርሱው ይነበብ። በጽሑፉ ያልታሰበ ነገር ከመጣ ጠያቂው በኅዳጉ ጽፎ ለተቈጣጣሪው ያስታውቅ። ጥያቄው ጕድለት ቢኖርበት የሚታረመው በወረቀቱ ላይ ለሁሉም ነው እንጂ በአንዱ ሰው አፍ አይደለም።

ደግሞም ሊለካ የሚችል ነገር ቢለካ ይሻላል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ምርትን ለማወቅ በተመረጡ ማሳዎች ጐኑ 4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስጨድዶ ያስመዝናል። የተዘራው ዘር፣ የተሸጠው እህል፣ ያለፈው ጉዳት ግን ከገበሬው ቃል በቀር ሌላ ሚዛን የለውም።

የወረዳ ሹማምንትና ታላላቅ ባለይዞታዎችም ድርሻ አላቸው። ጥያቄው በሚነበብበት ጊዜ የቀበሌ ሹም ወይም የማሳው ባለቤት በአጠገቡ እንዳይቀመጥ፣ የልማት ሠራተኛውም በሚመክርበት ቀበሌ ጠያቂ ሆኖ እንዳይላክ ማድረግ የእነርሱ ሥልጣን ነው። ጥናቱ ሳያልቅም ስለ እርዳታ ወይም ስለ ግብር በአደባባይ መናገር አይገባቸውም። መዝገቡ ሲቀርብላቸው አስቀድመው የሚጠይቁት «ምርቱ ስንት ሆነ?» ብለው ሳይሆን «ይህን ቀበሌ ስንት ሰው ጠየቀው? በየጠያቂው ተለይቶ ሲታይስ ቍጥሩ ስንት ነው?» ብለው ይሁን። መልሱ በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው፤ ያ ቅጠል ከሌለ ግን ዘርና እርዳታ ለመላክ ከመወሰን በፊት እንዲዘጋጅ ማዘዝ ይገባል።